ከወረቀቱ ይጀምሩ፦ የልጅ ፎቶ ካርቱን ሆኖ የልደት ጥሪ ካርድ ላይ እስኪወጣ

የልደት ጥሪ ካርድ የሚያሠራ ወላጅ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከፎቶው ነው። ከስልኩ ውስጥ የሚወደውን ፎቶ ይመርጣል፤ ካርቱን የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል፤ ሥዕሉ ሲያልቅ ስምና ቀን ይጨመርበታል። «ስንት በስንት ይታተም?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ማተሚያ ቤት ከተደረሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሥዕሉ አራት ማዕዘኑ እኩል ሆኖ ካርዱ ረዘም ያለ ይሆናል፤ ወይም የልጅቷ ሹሩባ ጫፍ ከመቁረጫው ጋር ይሄዳል፤ ወይም በስልክ ላይ ያማረው ጽሑፍ ወረቀት ላይ ሲወጣ ዓይን ያስጠብባል።

ሥራውን ገልብጦ ከወረቀቱ መጀመር ከእነዚህ ችግሮች አብዛኞቹን ያስቀራል። የወረቀቱ ልክ ከታወቀ ፊቱ ምን ያህል ትልቅ እንደሚሆን፣ መስመሩ ምን ያህል እንደሚወፍር፣ ፊደሉ እስከ የት ድረስ ማነስ እንደሚችል ከዚያው ይወጣል። ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው፦ ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. 7 ዓመት ለሚሞላት፣ ሹሩባ ለተሠራችና ሁለት የፊት ጥርሶቿ ለወለቁ ልጅ 40 የጥሪ ካርድ እናዘጋጅ።

ስንት በስንት?

ለልደት ጥሪ ምቹ የሆነው መጠን ኤ6 ነው። ወርዱ 105 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 148 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኤ4 ወረቀት ሁለት ጊዜ እኩል ሲታጠፍ የሚገኘው ሩብ ማለት ነው። ሲ6 የሚባለው ፖስታ 114 በ162 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ካርዱ ሳይጨናነቅ ይገባበታል። አሜሪካ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ግን 5 በ7 ኢንች ይሻላል፤ እዚያ የፖስታውም የፎቶ ማተሚያውም የተለመደ ልክ እሱ ነው።

ኤ6 ብሎ መወሰን ግን ፋይሉን በ105 በ148 መሥራት ማለት አይደለም። ወረቀት የሚቆረጠው ተደራርቦ ነው፤ ቢላዋው ሲወርድ ወረቀቱ ትንሽ ሊሸሽ ይችላል። የጀርባው ቀለም ልክ በመቁረጫው መስመር ላይ የሚያበቃ ከሆነ በካርዱ አንድ ጠርዝ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ይቀራል። ስለዚህ ቀለሙ በአራቱም አቅጣጫ 3 ሚሊ ሜትር አልፎ ይወጣል። የፋይሉ ልክ 111 በ154 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ለህትመት በተለመደው ጥራት፣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ይህ 1311 በ1819 ፒክስል ነው። ወደ ውስጥም እንዲሁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከመቁረጫው መስመር 5 ሚሊ ሜትር ድረስ ባለው ቦታ ላይ ጽሑፍም ሆነ የፊቷ ክፍል መግባት የለበትም።

ይህ 3 ሚሊ ሜትር ወጪንም ይነካል። አራት ኤ6 ካርዶች ኤ4 ወረቀትን ልክ ይሞሉታል፤ ለትርፉ ቀለም የሚሆን ቦታ አይቀርም። ትርፉ ሲጨመር በአንድ ኤ4 ላይ የሚገቡት ሁለት ካርዶች ብቻ ናቸው፤ 40 ካርድ 20 ወረቀት ይፈጃል። ማተሚያ ቤቱ 32 በ45 ሴንቲ ሜትር በሆነ ትልቅ ወረቀት የሚያትም ከሆነ በአንዱ ላይ ስምንት ሊደረደሩ ስለሚችሉ አምስት ወረቀት ይበቃል። ያለው የኤ4 ማተሚያ ብቻ ከሆነስ? ካርዱን ወደ 95 በ138 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ከነትርፉ 101 በ144 ስለሚሆን አራቱ በአንድ ኤ4 ላይ ተደርድረው ዳር ዳሩ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀራል፤ ፖስታውም አይለወጥም። ስለዚህ ሥዕሉ ከመጀመሩ በፊት ለማተሚያ ቤቱ ደውሎ «በስንት ወረቀት ነው የምታትሙት?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል።

የትኛው ፎቶ?

ለካርቱን የሚሆነው ፎቶ ለግድግዳ የሚሆነው አይደለም። ሥዕል የሚሠራው ሰው የሚፈልገው የፊቷን ቅርጽ በግልጽ የሚያሳይ ፎቶ ነው፦ በልጅቷ ዓይን ከፍታ ላይ ሆኖ የተነሳ፣ ብርሃኑ ከመስኮት ከጎን የሚመጣ፣ ፀጉሯ ከጀርባው ግድግዳ ጋር የማይቀላቀል። አዋቂ ሰው ቆሞ ወደ ታች ሲያነሳ የልጅ ግንባር ይገዝፋል፣ አገጭ ያንሳል። ከዚያ ፎቶ ላይ የተሣለ ካርቱን ያንኑ ስህተት ይዞ ይወጣል፤ ሰዓሊው ምን ቢጠበብ አያስተካክለውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ፎቶው የመጣበት መንገድ ነው። በመልእክት የተላከ ፎቶ በመንገድ ላይ ይጨመቃል። 960 በ1280 ፒክስል ሆኖ የደረሰን ፎቶ ብናይ፣ ለህትመት በሚሆን ጥራት የሚሸፍነው 81 በ108 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ በቂ ሊመስል ይችላል፤ ልጅቷ ግን ራቅ ብላ ከቆመችና ፊቷ ብቻ 400 ፒክስል ከሆነ የሚሸፍነው 34 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ካርቱኑ በእጅ የሚሣል ስለሆነ ፎቶው ራሱ አይታተምም። ቢሆንም የዓይኗ ጥግ፣ የቅንድቧ አወራረድ፣ የጥርሷ ክፍተት ካልታየ ሰዓሊው የሚሞላው በግምት ነው። ዋናውን ፎቶ ካነሳው ስልክ ላይ በፋይል መልክ ማስላክ ይሻላል።

ሥዕሉ

ኮምፒውተር ላይ ክሪታ፣ ስልክ ወይም ታብሌት ላይ አይቢስ ፔይንት ለዚህ ሥራ ይበቃሉ። አካሄዱ በሁሉም ፕሮግራም ተመሳሳይ ነው። ፎቶው 1311 በ1819 ፒክስል በሆነው ሸራ ላይ ይገባና ወደ 40 በመቶ ይደበዝዛል። በላዩ ሦስት ሌየሮች ይከፈታሉ፦ ከታች ለመደብ ቀለም፣ ቀጥሎ ለጥላ፣ ከሁሉም በላይ ለመስመር። መስመሩ ፎቶውን ተከትሎ ይሣላል፤ ከዚያ ፎቶው ይደበቅና ሥዕሉ ብቻውን ይታያል።

በወረቀቱ ልክ መሣል የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ጥራት 4 ፒክስል የሆነ መስመር ሲታተም አንድ ነጥብ፣ ማለትም የሚሊ ሜትር ሲሶ ያህል ውፍረት ይኖረዋል፤ ለፊት መስመር በቂ ነው። በአራት እጥፍ በሚበልጥ ሸራ ላይ የተሣለ ያው 4 ፒክስል ግን ለህትመት ሲቀነስ እንደ ፀጉር ቀጥኖ የቅንድቡና የከንፈሩ መስመር ይጠፋል።

የሰውነቷ ምጥነትም ከወረቀቱ ይመነጫል። የ7 ዓመት ልጅ ቁመት የራሷን ጭንቅላት ስድስት ጊዜ ያህል ነው። ለሥዕሉ የተመደበው ቦታ ቁመቱ 80 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ሙሉ ቁመናዋ በእውነተኛው ምጥነት ቢሣል፣ ፊቷ 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ይደርሰዋል፤ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። ካርቱን ጭንቅላትን የሚያገዝፈው ለማሳቅ ብቻ አይደለም፤ ቁመናዋ ሦስት ጭንቅላት ሲደረግ ፊቷ ወደ 27 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ከደረት በላይ ብቻ ከተሣለች ደግሞ 50 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ለኤ6 የሚመረጠው ይህ የመጨረሻው ነው። ሥዕሉ አንገቷ ላይ ማብቃት የለበትም፤ ከደረት ይቆረጥና ቁርጡ ስሟ በሚጻፍበት ባለቀለም ሪባን ይሸፈናል።

«እሷን ይመስላል» የሚያሰኙት ነገሮች ጥቂት ናቸው። የግንባሯ ፀጉር መስመር፣ በዓይኖቿ መካከል ያለው ርቀት፣ የቅንድቧ ቅርጽና የፈገግታዋ አከፋፈት ልክ ከሆኑ ሌላው ቢቀልም ዘመድ ያውቃታል። ዓይን ሲቀመጥ አንድ ነገር መታወስ አለበት። የአዋቂ ዓይን ከጭንቅላቱ ቁመት እኩሌታ ላይ ነው፤ የልጅ ግን ከእኩሌታው ዝቅ ይላል። ዓይኗ ወደ ላይ ከወጣ ፊቱ የእናቷን እንጂ የእሷን አይመስልም።

ልጅን የሚያስረጁ ሁለት መስመሮች አሉ። አንደኛው ከአፍንጫ ጎን ተነስቶ ወደ አፍ የሚወርደው ነው። ፎቶው ላይ ስትስቅ ይታያል፤ ሥዕሉ ላይ ግን በጥቁር መስመር ሲወጣ አሮጊት ያስመስላታል፤ መተው አለበት። ሁለተኛው በጥርሶች መካከል የሚሠመረው ነው። ጥርሶቹ በሙሉ እንደ አንድ ነጭ ቅርጽ ይሣሉ፤ ሁለቱ የወለቁበት ቦታ ብቻ በአፏ ውስጥ ጠቆር ያለ ክፍት ሆኖ ይተዋል። የ7ኛ ዓመቷ ምልክት እሱ ስለሆነ «ጥርሷ ይሞላ» ብሎ ማሳመር መልኳን ያጠፋዋል።

ሹሩባዋም እንዲሁ ጉንጉን በጉንጉን አይሣልም። መጀመሪያ የፀጉሩ ጠቅላላ ቅርጽ በድፍን ይሞላል። ከዚያ ከግንባሯ ወደ ኋላ የሚሄዱት መክፈያዎች በቆዳዋ ቀለም ይሠመራሉ፤ ስድስት ወይም ሰባት ይበቃሉ። ጫፉ ላይ ብቻ ሁለት ሦስት ጉንጉኖች በግልጽ ይታያሉ። የፀጉሩ መደብ ቀለም ፍጹም ጥቁር ከሆነ ወረቀት ላይ እንደ ቆብ ይታያል። በጣም የጠቆረ ቡናማ ሆኖ ብርሃን ባረፈበት በኩል ትንሽ ፈካ ያለ ቀለም ቢያገኝ ቅርጹ ይወጣል።

የቆዳ ቀለም

ብዙ ካርቱን የሚበላሸው እዚህ ነው። ሰዓሊው ቀለሙን ከፎቶው ላይ በጠብታ ምልክቷ ሲያነሳ፣ ብርሃን ያረፈበትን የግንባር ቦታ ከነካ ልጅቷ ከመልኳ የነጣች ሆና ትወጣለች፤ ጥላውን ከነካ ደግሞ ትጠቁራለች። ትክክለኛው ቀለም የሚገኘው ጉንጯ ላይ፣ ብርሃኑም ጥላውም በማይጎላበት ቦታ ነው። ከሦስት አራት ቦታ አንስቶ መካከለኛውን መምረጥ ይሻላል።

ለጥላው ያንኑ ቀለም ጥቁር ቀላቅሎ ማጨለም ፊትን አመድ ያስመስለዋል። ቡናማው ትንሽ ወደ ቀይ እያዘነበለ ሲጨልም ግን የቆዳ ሙቀት ይኖረዋል። ጥላውም ከአገጭ ሥር፣ ከአፍንጫ ጎንና ከፀጉሩ በታች ብቻ ይበቃዋል።

ስክሪን በብርሃን፣ ማተሚያ በቀለም ይሠራል። ስለዚህ በስልክ ላይ የሚያበሩት ደማቅ ሮዝ፣ ፍካት ያለው አረንጓዴና ሰማያዊ ወረቀት ላይ ሲወጡ ይደበዝዛሉ፤ ቡናማው ደግሞ ይጠቁራል። ቀለም ሲመረጥ የስክሪኑን ብርሃን ወደ ግማሽ ዝቅ ማድረግ ወረቀት ላይ ወደሚወጣው ያቀርባል። ከቡናማ ቆዳ ጀርባ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ወይም ቀለል ያለ ሰማያዊ ቢሆን ፊቷ ጎልቶ ይወጣል፤ ቡርቱካናማና ቡኒ ነክ ጀርባ ግን ፊቷን ይውጠዋል።

አቀማመጡና ፊደሉ

አሁን 148 ሚሊ ሜትሩን እናከፋፍለው። የፀጉሯ ጫፍ ከላይኛው ጠርዝ 12 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ሥዕሉ እስከ 88ኛው ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ እዚያ ስሟ ያለበት ሪባን ያርፍበታል። ከሪባኑ በታች «7ኛ ዓመት ልደት»፣ ቀጥሎ ቀኑና ሰዓቱ፣ ከዚያ ቦታው፣ በመጨረሻ ስልክ ቁጥሩ ይደረደራል፤ ሁሉም ከ140ኛው ሚሊ ሜትር በፊት ያልቃል። ልጅቷ ወደ አንድ ጎን የምታይ ከሆነ ፊኛውና ኬኩ በምታይበት በኩል ይሁኑ። ወደ ጠርዙ የምታይ ልጅ የአንባቢውን ዓይን ከካርዱ ይዛ ትወጣለች።

የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ቅርጽ ስለሌለው ዋናውን ከዝርዝሩ የምንለየው በመጠን፣ በውፍረትና በቀለም ነው። ስሟ በ28 ነጥብ ቢጻፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይይዛል። ቀኑና ሰዓቱ 13፣ ቦታውና ስልኩ 11 ነጥብ ይበቃቸዋል። ከ9 ነጥብ በታች መውረድ አደጋ አለው፤ ካዕብና ሣልስ፣ ሣልስና ኃምስ የሚለዩት በትናንሽ ጭረቶችና ቀለበቶች ነውና። «ቤ» ሲያንስ ቀለበቷ በቀለም ትሞላና «ቢ» ትመስላለች። በጠቆረ ጀርባ ላይ በነጭ የተጻፈ ጽሑፍ ደግሞ ቀለሙ ከዳር ስለሚገባበት ይብስበታል። የማስመሰያ ማወፈሪያም ያንኑ ጉዳት ያመጣል። Abyssinica SIL የሚባለው ፊደል አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው፤ ፕሮግራሙ በራሱ ሲያወፍረው ቀለበቶቹ ይደፈናሉ። Noto Sans Ethiopic ግን ከቀጭን እስከ ወፍራም የተሠሩ ቅርጾች ስላሉት ለካርድ የተመቸ ነው።

ጽሑፉ አጭር ይሁን፦ «ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ»። የዕለቱ ስም መኖሩ ቀን የተሳሳተ እንደሆነ ይነግራል፤ ካላንደር አይቶ ሁለቱ መግጠማቸውን ማረጋገጥ ደግሞ የአዘጋጁ ሥራ ነው። ካርዱ ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ቤተሰቦችና ለልጅቷ የክፍል ጓደኞች ወላጆች የሚሆን ከሆነ ግን «8 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ግራ ያጋባል። እዚያ የሚጻፈው በእነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 24 ቀን 2026፣ ከሰዓት በኋላ 2፡00 ተብሎ ነው።

የተጋባዡ ስም በእጅ የሚሞላ ከሆነ ቦታው ከካርዱ ጀርባ ይሁን፤ 60 ሚሊ ሜትር የሚረዝም መስመር፣ ከላዩ 8 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ። ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ ወይም ላሚኔት የተደረገ ከሆነ እስክሪብቶ ይንሸራተትበታል፤ ቀለሙም በጣት ሲነካ ይዝረከረካል። ከ250 እስከ 300 ግራም የሆነና ጀርባው የማያብረቀርቅ ወረቀት ይጠይቁ። ለማነጻጸር ያህል፣ የተለመደው የቢሮ ወረቀት 80 ግራም ነው።

ወደ ማተሚያ ቤት

ፋይሉ በፒዲኤፍ ይሄዳል። ሆኖም ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የተጠቀሙበት ፊደል ከሌለና ፋይሉ ውስጥም ካልተካተተ ጽሑፉ ባዶ ሳጥን ይሆናል፤ ወይም በሌላ ፊደል ተተክቶ አሰላለፉ ይፈርሳል። ዩኒኮድ ባልሆኑ የቆዩ ፊደሎች የተጻፈ ከሆነ ደግሞ የልጅቷ ስም የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው ጽሑፉን ወደ ቅርጽ መለወጥ ነው። ኢንክስኬፕ ላይ ጽሑፉ ተመርጦ `Path > Object to Path` ይታዘዛል። ከዚያ በኋላ ሆሄ ማረም ስለማይቻል አስቀድሞ የሚታረም ቅጂ በሌላ ስም መቀመጥ አለበት።

ከ40ው በፊት አንድ ብቻ ያሳትሙ። ቤት ወይም ቢሮ ባለ ማተሚያ በተራ ወረቀት ቢሞከርም መጠኑን ለማየት ይበቃል፤ ግን በማተሚያው ሳጥን ላይ `Actual size` ይመረጥ። `Fit` ከተባለ ማተሚያው ራሱ ይቀንሰውና የሚያዩት ልክ የካርዱ አይሆንም። የወጣውን በማስመሪያ ለኩት፤ ከነትርፉ 111 በ154 ካልሆነ አንድ ቦታ ተቀይሯል ማለት ነው። የቀለሙ ሙከራ ግን የግድ በዚያው ማተሚያ ቤት፣ በዚያው ወረቀት ይሁን። የልጅቷን ፊት በቀን ብርሃን፣ ደጅ ወጥቶ ማየት ያስፈልጋል፤ የሱቅ መብራት ቡናማን ያታልላል። ጽሑፉን ደግሞ ካርዱን ቀድሞ ያላየ፣ ቢቻል መነጽር የሚያደርግ ሰው እጁን ዘርግቶ ያንብበው። ስልክ ቁጥሩንም ከካርዱ ላይ እያየ ይደውልበት፤ በአንድ አኃዝ የተሳሳተ ቁጥር የሚገኘው በዚህ ነው።

ካርዱ በቴሌግራምም መላኩ አይቀርም። ለዚያ ትርፉ 3 ሚሊ ሜትር ተቆርጦ በ1240 በ1748 ፒክስል ይወጣና እንደ ፎቶ ሳይሆን በፋይል ይላካል፤ ይህ ሲሆን ጽሑፉ አይደበዝዝም። በግሩፕ የሚለቀቀው ቅጂ ግን ከወረቀቱ በአንድ ነገር ይለይ። ካርቱኑ የልጅቷን እውነተኛ ፎቶ ከሕዝብ ዓይን ያስቀራል፤ ከሥዕሉ ሥር ስሟ፣ ዕድሜዋ፣ የቤቷ አድራሻና የወላጅ ስልክ አንድ ላይ ከተጻፉ ግን ፎቶው መቅረቱ ብዙም አልጠቀመም። በግሩፑ ቅጂ ላይ ቀኑና ሰዓቱ ይቆይ፤ አድራሻውና ስልኩ ለተጠራው ሰው ብቻ በግል ይላክለት።